ባዶ ሳሎን ፎቶ ላይ ሶፋ ማስገባት፦ የሥራ ማስታወሻ

ፎቶው

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ አፓርታማ ነው። ባለቤቷ አሜሪካ ናት፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሳሎኑ በፎቶ መጋዘን ስለሚመስል ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ ምንጣፍና ተክል በኮምፒውተር ጨምርበት ተባልኩ። ቤቱን ከሚጠይቁት ሰዎች ብዙዎቹ ውጭ አገር ስለሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት ፎቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ የማስገባው ሶፋ በእውነትም እዚያ ክፍል ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት።

ደላላው በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ አልሆነኝም። በሰፊው ሌንስ፣ ማለትም ስልኩ ላይ 0.5x በሚለው ነው ያነሳው፣ ዳር ዳሩ ተለጥጧል። ከዚያ ደግሞ ጣሪያውን ቆርጦታል። ፎቶ ሲቆረጥ የምስሉ መሃል የሌንሱ መሃል መሆኑ ይቀራል፤ የካሜራውን ቦታ የሚያሰላው ፕሮግራም ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚነሳው። ራሴ ሄጄ አነሳሁት።

የያዝኩት ስልክ፣ ትራይፖድና ሜትር ብቻ ነው። በዋናው ሌንስ (1x) አነሳሁ፣ የኔ ስልክ ላይ እሱ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ስልኩን ከወለሉ 1.40 ሜትር ላይ አሰርኩት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳያዘነብል አስተካከልኩ፣ ብርሃኑንና ፎከሱን ስክሪኑን ተጭኜ ቆለፍኩ። ቁልፉ ወሳኝ ነው፤ ካልቆለፍከው ስልኩ በየፎቶው ብርሃኑን ይቀያይርና በኋላ ሁለት ፎቶ ማወዳደር አይቻልም።

ከዚያ በር ላይ ያሉትን ጥበቃ «አባባ፣ ወንበርዎን ለአምስት ደቂቃ ያበድሩኝ» አልኳቸው።

«ልትቀመጥበት ነው ወይስ አብረህ ልትሸጠው?» አሉኝ። ሰጡኝ ግን።

ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጬ፣ ትራይፖዱን ሳልነካ ሁለተኛ ፎቶ አነሳሁ። ወንበሩን ለካሁት፦ ከወለል እስከ መደገፊያው ጫፍ 84 ሴንቲ ሜትር። ይህ ፎቶ ለደንበኛ አይሄድም፣ የኔ ማመሳከሪያ ነው። እውነተኛ ዕቃ እዚያ ወለል ላይ፣ በዚያ ብርሃን፣ ምን ያህል ጥላ እንደሚጥልና ምን ያህል እንደሚያንጸባርቅ ያሳየኛል። ኮምፒውተር ላይ «ልክ ነው ወይስ አይደለም» እያልኩ ከምገምት ወንበሩን አይቼ እወስናለሁ።

ልኩ ከየት ይመጣል

ወለሉ 60 በ60 ሴራሚክ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ወለሉ ራሱ የተሰመረ ወረቀት ሆነልኝ ማለት ነው። ግን 60 የሚለው ካርቶኑ ላይ ነው። በመሃል ያለው መጋጠሚያ ስላለ አምስት ሴራሚክ አብሬ ስለካ 3.01 ሜትር መጣ። ስለዚህ አንዱ ከነመጋጠሚያው 60.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ክፍሉ በአንድ በኩል 8፣ በሌላው 6 ሴራሚክ ነው፣ ወደ 4.8 በ3.6 ሜትር።

ሁለተኛው መለኪያ የአድማስ መስመር ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከቆመ አድማሱ በፎቶው ቁመት እኩሌታ ላይ ያልፋል። የካሜራው ከፍታ 1.40 ነው፣ ስለዚህ ያ መስመር ክፍሉ ውስጥ የትም ቦታ ቢሆን ከወለሉ 1.40 ሜትር ከፍታን ያመለክታል። ቅርብም ይሁን ሩቅ ለውጥ የለውም። አንድ ዕቃ ወለሉን ከሚነካበት ነጥብ ተነስተህ እስከ አድማሱ ብትለካ ያ ርቀት 1.40 ሜትር ነው። 84 ሴንቲ ሜትር የሆነው ወንበር የዚያን ርቀት 60 በመቶ መሙላት አለበት።

ፎቶው ላይ ሞከርኩት። ወንበሩ ከካሜራው 4 ሜትር ፊት ለፊት ነው፣ እግሩ ከአድማሱ 1060 ፒክስል ገደማ በታች ወደቀ፣ ቁመቱ 636 አካባቢ ነው። 60 በመቶ። ከዚህ በኋላ የማስገባውን ዕቃ ሁሉ በዚህ እፈትሻለሁ። ቁመቱ 80 የሆነ ሶፋ 57 በመቶ፣ 42 የሆነ የቡና ጠረጴዛ 30 በመቶ። ይህን ለማድረግ ሦስት ዲ ፕሮግራም እንኳ አያስፈልግም፣ በማንኛውም ፎቶ ማስተካከያ አንድ መስመር ማስመር በቂ ነው።

ካሜራውን ማዛመድ

fSpy የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፎቶው ላይ ያሉትን ትይዩ መስመሮች ታሳየዋለህ፣ እሱ ካሜራው የት እንደነበረና ምን ያህል ሰፊ እንደሚያይ ያሰላል፣ ፋይሉን ብሌንደር የሚባለው ነጻ የሦስት ዲ ፕሮግራም በተጨማሪ አድኦን ይከፍተዋል።

መጀመሪያ የኋላውን ግድግዳ ፊት ለፊት ያነሳሁትን ፎቶ ሰጠሁት። አልሆነም። ግድግዳውን ቀጥ ብለህ ስታይ አግድም መስመሮቹ ፎቶው ላይ በጭራሽ አይገናኙም፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚገናኙበትን ነጥብ ነው የሚፈልገው። እጄ በትንሹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሌንሱ ስሌት ይዘላል። ችግሩ የሚታወቀው የእይታ ስፋቱን ስታይ ነው። የኔ ስልክ በአግድም 67 ዲግሪ ገደማ ማሳየት ሲኖርበት ከ30 በታች አለኝ። ማእዘን ላይ ቆሜ ሁለት ግድግዳ የሚያሳየውን ፎቶ ስሰጠው (ወንበሩም ያለው በሱ ነው፣ ይህኛው ዋናው ሆነ) ወዲያው 66 እና 67 መካከል ተቀመጠ።

ርዝመቱን ስነግረው አንድ ሴራሚክ ሳይሆን አምስቱን፣ 3.01 ሜትሩን ሰጠሁት። አንዱን ብሰጠው የሁለት ሦስት ፒክስል ስህተት በክፍሉ ልክ ይባዛል።

ብሌንደር ውስጥ በየ0.602 ሜትሩ የተሰመረ መረብ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ቅርብ ያሉት መስመሮች መጋጠሚያዎቹ ላይ በትክክል ተኙ፣ የኋላው ግድግዳ ጋ ግን ግማሽ ሴራሚክ ሊሞላ ምንም ያልቀረው መዛነፍ አለ። ለ fSpy የሰጠሁት መስመር አጭር ስለነበር ነው፣ የበሩን ጠርዝ ነበር የተጠቀምኩት። ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ መጋጠሚያና ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ረጅሙን መስመር ስሰጠው መረቡ እስከ መጨረሻው ገጠመ። መረቡ ሳይገጥም ሶፋ ማስገባት መጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

ሶፋው፣ እና የደላላው ሐሳብ

የዕቃዎቹን ሦስት ዲ ሞዴሎች Poly Haven ከሚባል ድረ ገጽ ወሰድኩ፣ ነጻ ናቸው፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳሉ። አንዱን ሶፋ ግን ከሌላ ቦታ ነው ያመጣሁት፣ ሲገባ ርዝመቱ 210 ሜትር ሆነ። የሠራው ሰው በሴንቲ ሜትር ነው የሠራው፣ ብሌንደር በሜትር አነበበው። ይህ ቀላሉ ነው፣ በ100 ታካፍላለህ። አስቸጋሪው በግምት የተሠራው ሞዴል ነው፤ ርዝመቱ ልክ ይመስላል፣ መቀመጫው ግን 36 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሶፋ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የመቀመጫውን ከፍታ ነው፣ ከ42 እስከ 45 መካከል ከሆነ ቀሪው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ባለቤቷ ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ ፈልጋ ነበር። የመረጠችው 2.80 ሜትር ነው። የሚቆምበት ግድግዳ 3.60 ነው፣ ግን ጥጉ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበረንዳ በር አለ። የሚቀረው 2.70 ስለሆነ አይገባም። ለደላላው ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ በ20 በመቶ አሳንሳትና አስገባት፣ ማን ይለካታል?»

«ገዢው ይለካታል። ሴራሚኩን ቆጥሮ።»

«እሱ ከገዛ በኋላ ነዋ።»

ላሳየው ብዬ አሳነስኩት። ርዝመቱ 2.24 ሆነ፣ ገባ። ግን መቀመጫውም 35 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ የበረንዳው በር እጀታ ከሶፋው አንጻር ወደ ላይ የወጣ መሰለ። ደላላው ራሱ ዓይቶ «የልጆች ነው እንዴ?» አለ። ምን እንደተበላሸ መናገር ባይችልም ዓይኑ ይዞታል። በሁለት ሜትር ከአሥር ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ተስማማን። ሦስት ሴራሚክ ተኩል ርዝመት፣ አንድ ተኩል ጥልቀት፣ ፎቶው ላይ መቁጠር ይቻላል። ግድግዳው ሥር ዞኮሎ ስላለ ሶፋውን ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩም፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ተውኩለት።

ወለሉን መንካት

ያመጣኋቸው ሞዴሎች እግራቸው ዜሮ ላይ አይደለም። አንዱ ወለሉ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰምጧል፣ ሌላው ተንሳፏል። በዓይን ማስተካከል አያስተማምንም፣ ስለዚህ የተመረጠውን ዕቃ ዝቅተኛ ነጥብ ፈልጎ ወለሉ ላይ የሚያሳርፍ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ፦

```python
import bpy
from mathutils import Vector

for ob in bpy.context.selected_objects:
    if ob.type != 'MESH':
        continue
    zs = [(ob.matrix_world @ Vector(c)).z
          for c in ob.bound_box]
    ob.location.z -= min(zs)
```

የሚሠራው ከሌላ ዕቃ ጋር ላልተያያዘ፣ ዞሮም ከሆነ በቆመበት ብቻ ለዞረ ዕቃ ነው። ተክል ላይ ደግሞ ይሸወዳል፤ ከማሰሮው በታች የወረደ አንድ ቅጠል ካለ ቅጠሉን ወለል ላይ ያሳርፍና ማሰሮውን አየር ላይ ይተወዋል። ለተክል ማሰሮውን ለብቻው ነጥዬ ነው የማሳርፈው።

ቀጥሎ ጥላው። ወለሉ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ራሱ እንዳይታይ፣ ጥላ ብቻ እንዲይዝ `Shadow Catcher` ማድረግ ነው፣ `Film` ውስጥ ደግሞ `Transparent`። የመጨረሻውን ምስል የሚያሰላው የሬንደር ሞተር Cycles መሆን አለበት። ብርሃን የሰጠሁት መጀመሪያ በ360 ዲግሪ ምስል (ኤችዲአርአይ) ነበር። ያምራል፣ ግን ዕቃዎቹ ሁሉ ተንሳፈፉ።

እዚህ ጋ ወንበሩ ጠቀመኝ። ብሌንደር ውስጥ በመጠኑ የሚመስለውን ወንበር ከሳጥኖች ሠርቼ እውነተኛው በነበረበት ቦታ አቆምኩት። እውነተኛው ፎቶ ላይ የባዶው ወለል ብርሃን 180 ሲል ወንበሩ ሥር 95 ይላል (ከ255)። የኔው ወንበር ሥር ግን 130። ከጥላው 40 በመቶ ገደማው የለም ማለት ነው። ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነው። ብሌንደር ውስጥ ግድግዳ የለም፤ ብርሃኑ ከአራቱም አቅጣጫ እየገባ ወንበሩ ሥር ይደርሳል። እውነተኛው ክፍል ውስጥ ብርሃኑ የሚገባው በበረንዳው በርና በአንድ መስኮት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክፍሉን ሠራሁት። አራት ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ሌላ ምንም። ቀለሙን ነጭ አድርጌ፣ ከካሜራው እንዲደበቅ አደረግኩት፤ ለብርሃኑ ግን አለ። ወንበሩ ሥር 98 መጣ። የሶፋው እግር ወለሉን የሚነካበት ቦታ ላይ ያቺ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየች። ዓይናችን «ይህ ዕቃ ተቀምጧል» የሚለው በሷ ነው፤ ሰፊው ለስላሳ ጥላ ብቻውን አያሳምንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ያባክናል። ፎቶው ብሌንደር ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ከደበዘዘ ችግሩ `View Transform` ነው። ከ4.0 ጀምሮ ሲከፈት የሚመጣው `AgX` ነው፣ እሱ ያለቀለትን ፎቶ እንደገና ያስተካክለዋል። `Standard` አድርገው።

ምንጣፉ ላይ አልተጨነቅኩም። የሶፋው የፊት እግር ምንጣፍ ላይ፣ የኋላው ሴራሚክ ላይ ነው፤ ምንጣፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ሶፋውን ከማዘንበል የፊት እግሮቹን ምንጣፉ ውስጥ አሰመጥኳቸው፣ እውነተኛ ምንጣፍም ይጫናል።

ነጸብራቁ

ብዙ ጊዜዬን የበላው ይህ ነው። የተወለወለ ሴራሚክ ያንጸባርቃል፣ የወንበሩ እግሮች በፎቶው ላይ ወለሉ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ይታያሉ። የኔ ሶፋ ግን ነጸብራቅ የለውም፣ ጥላው ልክ ሆኖም የተለጠፈ ይመስላል።

ብዙ ሰው የዕቃውን ምስል ይገለብጥና አደብዝዞ ከሥሩ ያስቀምጣል። ይህ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የሶፋውን የታች ገጽ ካሜራው አያየውም፣ ነጸብራቁ ግን ያየዋል፤ ምስሉን መገልበጥ እሱን አይሰጥህም። ሁለተኛ፣ ነጸብራቁ እኩል አይደለም። ካሜራው አጠገብ ያለውን ወለል ከላይ ወደ ታች ስለምታይ የሚያንጸባርቀው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ 4 ሜትር ላይ በሰያፍ ስለምታይ ከ15 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለብቻው ሬንደር አደረግኩት፦ ወለሉ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ የወጣውን ከፎቶው ላይ መደመር። የሻካራነቱን መጠን የወሰንኩት የወንበሩ እግር ነጸብራቅ በሚደበዝዝበት ልክ ነው።

ነጸብራቅ ጥሩ ፈታኝ መሆኑን ያየሁትም ያኔ ነው። ዕቃው ወለሉን ከነካ እግሩና ነጸብራቁ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። አምስት ሚሊ ሜትር ከተንሳፈፈ በመሃላቸው አሥር ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል፣ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። የጠረጴዛው አንድ እግር ከሌሎቹ አጥሮ የተሠራ መሆኑን በዚህ ነው ያገኘሁት፤ ኮዱ በረጃጅሞቹ እግሮች አሳርፎት ነበር።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። የበረንዳው በር ብርሃን ወለሉ ላይ ረጅም ነጭ ሰንበር ሠርቷል። የቡና ጠረጴዛውን ያቆምኩት በዚያ ሰንበር ላይ ነው። ጠረጴዛ እዚያ ቢኖር ኖሮ የበሩን ነጸብራቅ በከፊል ይጋርደው ነበር። ፎቶው ግን ሲነሳ ጠረጴዛ አልነበረም፣ ሰንበሩ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቆረጥ ያልፋል። ነጸብራቅ መደመር ይህን አይፈታም፣ ብርሃን መቀነስ ነው የሚያስፈልገው።

የሚጋረደውን ቦታ ማግኘት አያስቸግርም። ያንኑ አንጸባራቂ ወለል በሩን ነጭ፣ ዕቃዎቹን ጥቁር አድርጌ አንዴ ከዕቃ ጋር፣ አንዴ ያለ ዕቃ ሬንደር አደረግኩ። ልዩነቱ ጠረጴዛው ሰንበሩን የሚቆርጥበትን ቦታ በትክክል ያሳያል። ችግሩ ሰንበሩ ፎቶው ላይ 255 ሆኖ ተቃጥሏል፣ ከሥሩ ያለው የሴራሚኩ መልክ የለም። ላጨልመው ብል ግራጫ ልጥፍ ብቻ ሆነ።

ተመልሼ ሄድኩ። ጥሩነቱ የትራይፖዱን ሦስት እግሮች ቦታ ሴራሚኮቹ ላይ መዝግቤ ነበር። የበረንዳውን በር በጥቁር ብርድ ልብስ ጋርጄ ያለ ሰንበር አንድ ፎቶ አነሳሁ። ጨልሟል፣ ግን ብርሃኑን ከፍ አድርጌ ከዋናው ጋር ሳመሳስለው የሴራሚኩ መልክ ሙሉ በሙሉ አለ። ልዩነቱ ባሳየኝ ቦታ ላይ ይህን ፎቶ አስገባሁ። ጠረጴዛው ወዲያው ተቀመጠ። ለሚቀጥለው ሥራ ይህን ፎቶ ከመጀመሪያው አነሳለሁ፣ ትራንስፖርቱም ይቀራል።

ተክሉ

ፋይከስ ቤንጃሚና መረጥኩ፣ አዲስ አበባ ብዙ ቤት አለ። ሞዴሉ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ጥጉ ላይ 1.80 እንዲሆን በሦስት አባዛሁት። ከሩቅ ሲታይ ደህና ነው። ግን ቅጠሉ በሦስት ሲባዛ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ግንዱም ወፈረ። የዚህ ተክል ቅጠል ከ6 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉ ይበዛል እንጂ አይተልቅም። ሶፋን ማሳደግና ተክልን ማሳደግ ለየብቻ ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ከመነሻው ትልቅ ሆኖ የተሠራ ሞዴል መፈለግ ነው፣ እሱን አመጣሁ።

እሱ ደግሞ ላፕቶፔን ገደለው። የግራፊክስ ካርዴ 4 ጊጋባይት ነው፣ የቅጠሎቹ ምስሎች 4K ነበሩ፣ ሬንደሩ መሃል ላይ ማህደረ ትውስታ ሞላ ብሎ ቆመ። ወደ 1K አወረድኳቸው፣ ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታይም። የግድግዳውን ነገርም ማየት ያስፈልጋል፤ ጥጉ ላይ ያሉ ቅርንጫፎች ግድግዳውን በስተው ወጥተው ነበር፣ ከካሜራው ስለተደበቀ ብሌንደር ውስጥ አይታወቅም፣ ጥላቸው መጥፋቱ ነው የነገረኝ።

ባለቤቷ መጨረሻ ላይ ረከቦት ጠየቀች። ነጻ ሞዴል አላገኘሁም፣ የእናቴን ለክቼ ሠራሁት። ስኒዎቹን ስሠራ ተጠነቀቅኩ፤ ስኒ ሁሉም ሰው በእጁ የሚያውቀው ዕቃ ስለሆነ ትንሽ ቢተልቅ ጠረጴዛው በሙሉ ያነሰ ይመስላል።

ማስረከብ

ያስረከብኩት ሁለት ፎቶ ነው፣ ዕቃ ያለውና ባዶው፣ ከአንድ ቦታ የተነሱ። ዕቃ ያለው ላይ «ዕቃዎቹ በኮምፒውተር የተጨመሩ ናቸው» ብዬ ጥጉ ላይ ጻፍኩ። ደላላው ጽሑፉን አንሳው ብሎ ነበር፣ ባለቤቷ ትቆይ አለች። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የላክሁት፣ አለበለዚያ ሲጨምቀው ያቺ ከእግሩ ሥር ያለችው ቀጭን ጥላ ትጠፋለች።

ወጪው ትራንስፖርትና ኢንተርኔት ነው፣ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ነጻ ናቸው።

ቀጥሎ መኝታ ቤቱ ነው። ወለሉ ላሚኔት ስለሆነ ነጸብራቁ ይቀላል፣ ግን የሚቆጠር ሴራሚክ የለም። እዚያ ወረቀት ቴፕ ይዤ ሄጄ ወለሉ ላይ 3 ሜትር በ2 ሜትር አራት ማእዘን ለጥፌ አነሳለሁ፣ ከዚያ ቴፑን ነቅዬ ባዶውን። ማእዘኑ ትክክል መሆኑን ከጥግ እስከ ጥግ ለክቼ አረጋግጣለሁ፣ 3.61 ሜትር ካልመጣ ተጣሟል።